የሰኞ ጠዋት ካፕሽን ለካፌ ገጽ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መገናኛ አካባቢ ላለች አንዲት ትንሽ ካፌ የሰኞ ጠዋት ካፕሽን እጽፋለሁ። አምስት ጠረጴዛ፣ አንድ የማኪያቶ ማሽን፣ በሩ ጋ ደግሞ ረከቦትና ጀበና አላት። ካፕሽን የምለው ከፎቶው ሥር የምትጻፈውን አጭር ጽሑፍ ነው። ሌሎች የካፌ ባለቤቶችና ገጽ የሚይዙ ልጆች ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ነገር ይመሳሰላል። የምመልሰውን እዚህ አስቀምጫለሁ።

ለምን ሰኞ ተመረጠ? ሌላው ቀን ካፕሽን አይፈልግም?

ይፈልጋል። ሰኞ ግን ሥራው ግማሹ ተሠርቶ ነው የሚጠብቃችሁ። ሐሙስ ቀን አንዱ ደንበኛ ደስ ብሎት ይገባል፣ ሌላው ተናዶ፣ ሌላው ቸኩሎ። ሰኞ ጠዋት ባንክ የሚሠራውም፣ ተማሪዋም፣ ሱቅ የሚከፍተውም እሁድን ቤት ትቶ ነው የመጣው። ሁሉም ፊት ላይ አንድ ነገር ታያላችሁ። ስለዚህ ቀልዱን ለማስረዳት ቃል አታባክኑም። ነገሩን መጥራት ብቻ ነው የቀራችሁ።

ሳቁ ከየት ነው የሚመጣው?

ደንበኛው ራሱ በዚያው ጠዋት ካየው ትንሽ ነገር። ከዚህ ውጭ የሞከርኩት ሁሉ ብዙ አልሠራልኝም።

«መልካም ሰኞ፣ መልካም የሥራ ሳምንት» የሚለው ምንም ጥፋት የለበትም። ግን ማንም አይስቅበትም፣ ማንም ለጓደኛው አይልከውም። ምክንያቱም ውስጡ የሚታይ ነገር የለም። አሁን አንድ ሰው ሰኞ ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ ካፌ እስኪደርስ ያለውን አስቡ። የስልኩን ማንቂያ ሦስት ጊዜ አጥፍቷል። ካልሲው አንዱ ጠፍቶበታል። የታክሲ ሰልፉ ጥግ ዞሮ ሄዷል። ሚኒባሱ ውስጥ ማንም አያወራም፤ ረዳቱ ብቻ ነው የነቃው። ከዚያ አንድ ሰው ከኋላ «ወራጅ አለ!» ይላል።

ይቺ «ወራጅ አለ» የምትለዋን ሁላችንም በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እንሰማታለን። አንድ ሰኞ እንዲህ ብዬ ጻፍኳት፦

«ወራጅ አለ!
ሰኞ ላይ ወራጅ እንኳ የለም። ሹፌሩ ግን ቆሟል።
ውረዱና ማኪያቶ ጠጡ።»

ደንበኞች ሲገቡ «ወርደናል» እያሉ ነበር የሚያዙት። ቃሉን እኔ አልፈጠርኩትም። ከታክሲ ነው ያመጣሁት፤ እነሱም ወደ ካፌው ይዘውት ገቡ። ጥሩ የሰኞ ካፕሽን ማለት ለእኔ ይሄ ነው። ደንበኛው አንስቶ በአፉ ሊጠቀምበት ይችላል።

እስቲ አንዱን ከመነሻው እስከ መጨረሻው አሳዩን።

ደስ ይለኛል። የጀበና ቡናችንን ለማስታወቅ የጻፍኩትን ልውሰድ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ይሄ ነበር፦ «ሳምንትዎን በሚጣፍጥ የጀበና ቡናችን ይጀምሩ!» ይሄ ማስታወቂያ ነው። ማንኛውም ካፌ በማንኛውም ቀን ሊለጥፈው ይችላል። ሰኞን ማክሰኞ ብትሉት ምንም አይለወጥም። እኔ ሁልጊዜ የማደርገው የመጀመሪያ ፈተና ይሄ ነው። የቀኑን ስም ቀይሬ አነባለሁ። ካልተበላሸ፣ የሰኞ ካፕሽን አይደለም።

ሁለተኛው፦ «ሰኞ ስለሆነ አንድ ስኒ አይበቃም፤ ሦስት ያስፈልጋል።» ትንሽ ተሻለ። አሁን ሰኞ ውስጡ አለ። ግን ነገሩን ነገረን እንጂ አላሳየንም።

እዚህ ላይ ቆሜ ጀበናው ጋ ሄድኩ። አንድ መነጽር ያደረገ ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ስኒውን በሁለት እጁ ይዞ አንድ ዓይኑን ጨፍኗል። አቦሉን ጨርሶ ስኒውን መለሰ። ቶናው ሲቀዳለት ቀና አለ። በረካው ላይ ሰዓቱን አየና ደንገጥ ብሎ ተነሳ። ሦስቱ የቡና ዙር ለካ ሦስት የመንቂያ ደረጃ ነው። ይሄን ያወቅኩት ስለ ቡና በማሰብ አይደለም፣ ሰውየውን በማየት ነው።

ሦስተኛው ረቂቅ፦ «በአቦሉ አንድ ዓይናችን ይከፈታል፣ በቶናው ሁለተኛው ዓይናችን ይከፈታል፣ በበረካው ደግሞ ሰኞ መሆኑን እናውቃለን።» ሐሳቡ ተገኘ። ግን ይጎተታል። «ይከፈታል» ሁለት ጊዜ መጣ። «እናውቃለን» የሚለው የመጨረሻ ቃል ደግሞ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ይመስላል። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ የሳቁ ክብደት የሚያርፈው እዚያ ነው። የመጨረሻው ግሥ ደረቅ ከሆነ ቀልዱ አብሮ ይደርቃል።

ሰውየው ሰዓቱን ሲያይ በአፉ ያለው ምን ነበር? «ለካ» ነው ያለው። ድንገት መባነን ያለው እዚህች ቃል ውስጥ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው እንዲህ ሆነ፦

«አቦል፦ አንድ ዓይን ተከፈተ።
ቶና፦ ሁለተኛው ተከተለ።
በረካ፦ ለካ ሰኞ ነው።»

ከሥሯ አንድ መስመር ክፍት ትቼ «ጀበናው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ተጥዷል» ብዬ ጨመርኩ። ቀልዱና መረጃው አይቀላቀሉም። ሰው መጀመሪያ ይስቅ፣ ከዚያ መቼ እንደሚመጣ ይወቅ። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ካጨቃችኋቸው ቀልዱ የማስታወቂያ መጠቅለያ ይሆናል፤ አንባቢም ወዲያው ያውቅባችኋል።

ስንት ቃል ይበቃል?

ከሦስት አጭር መስመር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ኢንስታግራም ላይ የካፕሽኑ መጀመሪያ፣ 125 ፊደል ገደማ፣ ብቻ ነው ቶሎ የሚታየው፤ የቀረው ተጭነው ካልከፈቱት አይነበብም። በአማርኛ ይሄ ጥሩ ቦታ ነው፤ አንድ ፊደላችን ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ ስለሚሄድ በትንሽ ቦታ ብዙ ይነገራል። ከላይ ያለችው የአቦል ካፕሽን ክፍት ቦታው ተቆጥሮ 50 ፊደል አትሞላም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በየመስመሩ ስትሰብሯት ሦስተኛዋ መስመር ልትደበቅ ትችላለች። ሳቁ ደግሞ ያለው እዚያ ነው። ኢንስታግራም ላይ ሦስቱንም በአንድ መስመር አያይዤ እለጥፋለሁ። ቴሌግራም ላይ መስመር እየሰበርኩ እጽፋለሁ፤ እዚያ ሙሉው ይታያል። ከመለጠፋችሁ በፊት በሌላ ሰው ስልክ አይታችሁ አረጋግጡ።

«አንተ» ልበል፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» ወይስ «እናንተ»?

ይሄ በአማርኛ ስንጽፍ የሚገጥመን ችግር ነው፤ በጣም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። «ነቃህ?» ካላችሁ ሴቶቹ ወጡ። «ነቃሽ?» ካላችሁ ወንዶቹ። «ነቅተዋል?» የሚለው አክብሮት አለው፣ ግን ገና ካልነቃ ሰው ጋር ስንቀልድ ከሆስፒታል የተደወለ ያስመስለዋል።

እኔ በሁለት መንገድ ነው የምሄደው። አንደኛው «እኛ» ማለት ነው። «አልነቃንም» ስትሉ ካፌውም ደንበኛውም አንድ ጎን ቆሙ፤ ማንም አልተነካም። ሁለተኛው ሰውን ጨርሶ አለመጥራት ነው። «አንድ ዓይን ተከፈተ» የማን ዓይን እንደሆነ አይናገርም። ሁሉም የራሱን ያስባል። «እናንተ»ን ለመረጃው መስመር ነው የማስቀምጠው፦ «ብቅ በሉ»፣ «ቁርስም አለላችሁ» ስንል።

ሰኞን እንደ ሰው ስታናግሩት ደግሞ ወንድ ይሁን ሴት ቀድማችሁ ወስኑ። «ሰኞ መጣ» ብላችሁ ጀምራችሁ መጨረሻ ላይ «ሰኞዬ ታገሺን» ካላችሁ አንባቢው ይደናቀፋል። እኔ በወንድ እጠራዋለሁ።

ከውጭ ገጾች ያየሁትን ቆንጆ የሰኞ ቀልድ ብተረጉመውስ?

ብዙዎች ይሞክሩታል፤ እኔም መጀመሪያ አካባቢ ሞክሬዋለሁ። አይሠራም፤ ምክንያቱን ላስረዳ። የፈረንጆቹ የሰኞ ቀልድ በአብዛኛው ሰኞን መጥላት ላይ የቆመ ነው። በእኛ አፍ «ጠላሁት» ከባድ ቃል ነው። «ሰኞን እንጠላለን» የሚል ካፕሽን ሲነበብ ቅሬታ ይመስላል። ሰው ስለ ሰኞ የሚለው «ከበደኝ»፣ «ደበረኝ»፣ «አልነቃሁም»፣ «ገና እሁድ ላይ ነኝ» ነው። ሥራ ፈልጎ ያጣ ደንበኛም ገጻችሁን ያነባል። ሥራ መሄድን እንደ ቅጣት ከሳላችሁት እሱ ምን ይሰማዋል? ክብደቱን እንጂ ጥላቻውን አትጻፉ።

የራሳችን የሆነ ብዙ ነገር ደግሞ አለ። ከሁሉ የምወደው «ሰኞ ማክሰኞ» ነው። መሬት ላይ በጠመኔ ወይም በከሰል ሣጥኖቹን ሠርተን፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጥለን፣ በአንድ እግር የምንዘልለው የልጅነት ጨዋታ። ከዚያ ይቺ መጣች፦

«ልጅ ሳለን ሰኞን በአንድ እግር ዘለን እናልፈው ነበር።
አሁን በሁለት እግርም አልሆነም።
ቡና ይቀዳ።»

ይሄን ወደ ሌላ ቋንቋ ብትመልሱት ምንም አይቀርም። በአማርኛ ግን ያነበበው ሰው ሁሉ የሰፈሩን መሬት ነው ያየው። ከሥሩ ደንበኞች ስለ ጨዋታው ሕግ ሲከራከሩ ዋሉ፤ መስመር የረገጠ ወጣ፣ አልወጣም እያሉ።

ፎቶው ምን መሆን አለበት?

ካፕሽኑ የማይናገረውን የሚናገር። ፎቶው ላይ ማኪያቶ ካለ «ትኩስ ማኪያቶ» ብላችሁ አትድገሙት። ለአቦሏ ካፕሽን ያነሳነው ሦስት ስኒ ነው፤ አንዱ ሙሉ፣ አንዱ ግማሽ፣ አንዱ ባዶ ሆኖ አተላው ከታች የሚታይ። የመስኮት ብርሃን ካለ ፍላሽ አትጠቀሙ፤ እንፋሎቱን ያጠፋዋል። የደንበኛን ፊት ካነሳችሁ ጠይቁ። ሰኞ ጠዋት ላይ ማንም ሳያውቅ መነሳት አይፈልግም።

ስንት ሰዓት ላይ ልለጥፍ?

ሰው ታክሲ ሰልፍ ላይ ስልኩን የሚያይበት ሰዓት ላይ። ለእኛ አካባቢ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ባለው ውስጥ ነው። የመንግሥት ቢሮ 2፡30 ስለሚገባ፣ 2 ሰዓት ላይ ከለጠፋችሁ ደንበኛው ቡናውን ሌላ ቦታ ጠጥቷል ወይም በሩጫ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ማታ ጽፎ ለጠዋት ቀጠሮ ይይዝለታል። ጥሩ ልማድ ነው፤ የሰኞ ካፕሽን ሰኞ ጠዋት ሊጻፍ አይገባውም፣ ጸሐፊውም ስላልነቃ። ግን የሰዓቱ ነገር ያሳስታል። ስልኩ በአበሻ ሰዓት አይቆጥርም። የእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ስልኩ ላይ `7:00 AM` ነው። አንድ ሰኞ የካፌያችን ልጅ `1:00 AM` ላይ ቀጠረው። ካፕሽኑ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ወጣ። በጠዋቱ ሰው ስልኩን ሲከፍት ሌሎች ልጥፎች አናቱ ላይ ተደርድረውበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ ስንይዝ ስድስት እንደምር ተነጋግረናል፤ 1 ሲደመር 6፣ 7።

ጾም ሲሆን ስለ ማኪያቶ መቀለድ ይቻላል?

ከሁሉም ጥያቄ ይሄን በትኩረት እንዲያነቡልኝ እፈልጋለሁ፤ ብዙ ካፌ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ሰኞ በተለመደው ሳምንት የፍስክ ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ ናቸው የጾም። ስለዚህ ገጽ የሚይዘው ልጅ «ሰኞ ምንም ችግር የለም፣ የወተት ቀን ነው» ብሎ ይለምዳል። ችግሩ ከትልልቆቹ አጽዋማት አንዳንዶቹ የሚገቡት ሰኞ ቀን መሆኑ ነው። ዐቢይ ጾም ሁልጊዜ በሰኞ ይጀምራል። ጾመ ነነዌ ሦስት ቀን ናት፤ ከሰኞ እስከ ረቡዕ። ጾመ ሐዋርያት ከጰራቅሊጦስ ማግስት ባለው ሰኞ ይገባል። እናንተ ወተቱ አረፋ የሠራበት ማኪያቶ ከሳቅ ጋር የምትለጥፉበት ያ ሰኞ፣ ግማሹ ደንበኛችሁ ጾም የያዘበት የመጀመሪያው ቀን ሊሆን ይችላል። ማንም መጥቶ አይቆጣችሁም። ዝም ብሎ ያልፋል። ያ ዝምታ ነው የሚያስፈራው።

መፍትሔው ቀላል ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ባሕረ ሐሳቡ የታተመበትን የግድግዳ ካሌንደር አንሱና ሰኞ የሚገቡትን አጽዋማት በእስክሪብቶ ክበቡ። ለእነዚያ ሰኞዎች የተለየ ካፕሽን አዘጋጁ። ጾሙ ላይ አትቀልዱ፤ ጾሙ ቀልድ አይደለም። ወተቱ ላይ ግን መቀለድ ይቻላል። እኛ ዐቢይ ጾም በገባበት ሰኞ ይቺን ለጠፍን፦

«ወተት የ55 ቀን ፈቃድ ወጥቷል።
ቡና ብቻውን ሰኞን ተረክቧል።
በርታ እንበለው።»

ከሥሩ ያለውን አስቀመጥን፦ ጥቁር ቡና፣ ስፕሪስ፣ የጾም ማኪያቶ። 55 ቀኑ አለፈ፣ ፋሲካ ሆነ። በማግስቱ፣ ሰኞ፦

«ወተት ከፈቃድ ተመልሷል። ቢሮው ባለበት ነው የጠበቀው።»

የመጀመሪያዋን ያነበቡ ሰዎች ሁለተኛዋን ሲያዩ በጣም ነው የሳቁት። ቀልዱ ሁለት ወር ሙሉ ሲጠብቃቸው ነበር ማለት ይቻላል። 

ሁለት ነገር ልጨምር። በዐቢይ ጾም እስከ ከሰዓት በኋላ ምንም የማይቀምሱ ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ የጠዋት ቡና ጥሪ አይመለከታቸውም። ስለዚህ በእነዚያ ሳምንታት የማታውንም ጀበና ሰዓት ጻፉላቸው። በረመዳን ደግሞ የሰኞውን ካፕሽን ከመግሪብ በኋላ እንለጥፈዋለን፤ ያኔ ሰኞን ያገባደደ ሰው ነው የሚያነበው፣ ቀልዱም «ተወጣነው» የሚል ይሆናል። ከረመዳን ውጭም ሰኞና ሐሙስን በሱና የሚጾሙ ሙስሊም ደንበኞች እንዳሉን አንረሳም።

በምን ላይ አንቀልድ?

በሠራተኛችሁ ላይ። ይሄን የማውቀው ስላጠፋሁት ነው። ሌላ ካፌ ሳግዝ አንዲት አስተናጋጅ ሰኞ ጠዋት ተሳስታ ስኳር በሌለበት ሻይ ላይ ማንኪያ ስታማስል አይቼ ካፕሽን አደረግኩት። ስሟን አልጻፍኩም፤ ደንበኛ ግን አወቃት። ሳምንቱን ሙሉ «እንቅልፏ» እያሉ ጠሯት። እሷ ከቤቷ የምትወጣው ሌሊት 11 ሰዓት ነው። ይቅርታ ጠይቄ አጠፋሁት። ያች ካፕሽን ብዙ ላይክ ነበራት፤ ያ ምንም አላጽናናኝም። ሰው ላይ የሚያርፍ ቀልድ የሚያርፍበት ሰው ገጹን እንደሚያነብ አስቡ።

በሰው አለቃ ላይም ተዉት። አለቃውም ደንበኛችሁ ነው፤ አንዳንዴ አብረው ነው የሚመጡት። ሰዓቱ ላይ፣ አልጋው ላይ፣ ሰልፉ ላይ፣ ካልሲው ላይ ቀልዱ። እነሱ አይቀየሙም።

ለማኪያቶ ብቻ የሚሆን ካፕሽን አላችሁ?

አለን። ማኪያቶ ሲታዘዝ ሰው የሚለውን ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙ። «ነጣ ያለ»፣ «ጠቆር ይበል»። ሰኞ ላይ «ጠቆር ይበል» ይበዛል። ባሪስታችን ነው ይሄን ያስተዋለው። ከእሱ ወስጄ እንዲህ ጻፍኩ፦

«እሁድ፦ ነጣ ያለ ማኪያቶ።
ሰኞ፦ ጠቆር ያለ ማኪያቶ።
ሰኞ፣ ስብሰባ ያለበት፦ ወተቱን ተዉት።»

ሰኞ ጠዋት መብራት ቢጠፋስ? ያዘጋጀሁትን ልለጥፍ?

አትለጥፉ። ማሽኑ በማይሠራበት ቀን የማኪያቶ ፎቶ ያየ ሰው መጥቶ ያጣል፤ ሁለተኛ ካፕሽናችሁን አያምንም። ቀጠሮ የያዛችሁለትን ቶሎ አንሱት። መብራት የጠፋበት ሰኞ ግን ራሱ ቀልድ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ጀበና ከሰል እንጂ መብራት አይፈልግም። ለእንዲህ ያለ ቀን የተቀመጠች አለችን፦

«መብራት የለም። ማሽኑ መልሶ ተኝቷል።
ጀበናዋ ግን ነቅታለች።
ዛሬ ጥቁር ብቻ።»

ይቺ ደንበኛውን ታስቃለች፣ ምን እንደሚያገኝም በትክክል ትነግረዋለች። መብራቱ ሲመጣ «ማሽኑም ነቃ» ብላችሁ ከሥሩ ጨምሩ።

ውጭ ሀገር ያለ የአበሻ ካፌስ? ያው ካፕሽን ይሠራል?

ቀኑን አይቶ ነው። እስራኤል ውስጥ የሥራ ሳምንት የሚጀምረው እሁድ ነው። ሳዑዲም እንዲሁ። እዚያ ሰኞ ሁለተኛ ቀን ስለሆነ ቀልዱ ለእሁድ ጠዋት መዞር አለበት፤ «ለካ እሁድ ነው» ማለት ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከጥር 2022 በፈረንጆች ወዲህ ቅዳሜና እሁድን የዕረፍት ቀን ስላደረጉ ዱባይ ያለ ካፌ ሰኞን መጠቀም ይችላል። ዋሽንግተን ላይ ሰኞ ሰኞ ነው፤ ግን ከአዲስ አበባ ተጽፎ በእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ከተለጠፈ እነሱ ገና እሁድ ማታ ሊተኙ ሲሉ ይደርሳቸዋል። «ወራጅ አለ»ም እዚያ ያደገ ልጅ ላይገባው ይችላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ግን ቡና የሚፈላበት ቤት ሁሉ ይገባል።

ኢሞጂ ልጨምር?

አንድ ስኒ ይበቃል። የሚስቅ ፊት አትጨምሩ፤ እናንተ ቀድማችሁ ከሳቃችሁ አንባቢው አይስቅም።

በየሳምንቱ አዲስ ከየት አመጣለሁ?

ሒሳብ መቀበያው ጋ ያለች አንዲት ደብተር አለችን። ገንዘብ ተቀባይዋም፣ ባሪስታውም፣ ጀበና የምታፈላውም ሰኞ ጠዋት ደንበኛ ሲል የሰሙትን ይጽፉባታል። አንድ መስመር ብቻ፣ እንደተባለው። አብዛኛው አይሆንም። ከአሥሩ አንዷ ካፕሽን ትሆናለች፤ ያ ይበቃል። ካለቀብን ያለፈ ዓመቱን እንደግማለን፤ «ሰኞ ማክሰኞ»ን ሁለት ጊዜ ለጥፈናታል፣ ማንም ቅር አላለውም።

ሌላው ምንጭ ኮሜንቱ ነው። የአቦሏን ካፕሽን በለጠፍንበት ቀን አንዲት ደንበኛ ከሥር «እኔ ቶናው ላይ መልሼ ተኛሁ» ብላ ጻፈች። በውስጥ መስመር ጠየቅናት፣ ፈቀደች። በቀጣዩ ሰኞ ሁለት ስኒ ብቻ ያለበት ፎቶ አንስተን የእሷን ቃል ለጠፍን። 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ራሷ መጣችና በረካዋን አዘዘች።